ሳይጨፈልቅ የሚይዝ እጅ

ኡሜኦ በሰሜን ስዊድን የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በዚያ የሠራው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሮላንድ ዮሃንሰን ያስቀረጸው፣ ሮቦት የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ደጋግመው የሚያዩት አጭር ቪዲዮ አለ። አንድ ሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ከክብሪት ሳጥን አንድ እንጨት ያወጣና ይጭራል። ለማናችንም የማያስቸግር ነገር ነው። ከዚያ የጣቶቹ ጫፍ በማደንዘዣ ይደነዝዝና ያንኑ እንዲደግም ይደረጋል። ዓይኑ ያያል። ጣቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በአብዛኛው ክንድ ላይ ስለሆኑ ጉልበቱም አልተነካም። ሆኖም እንጨቱ ከእጁ ያመልጣል፤ ያነሳዋል፤ ደግሞ ይወድቃል። ክብሪቱ በመጨረሻ ቢጫርም ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ዮሃንሰን ከባልደረባው ዮራን ቬስትሊንግ ጋር ነገሩን በቁጥር የመረመረው ቀደም ሲል ነበር። በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንድን ትንሽ ዕቃ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እንዲያነሱ አደረጉ። የዕቃው መያዣ አንዴ ሐር፣ አንዴ ለስላሳ ቆዳ፣ አንዴ የእንጨት ማለስለሻ ሻካራ ወረቀት ነበር። ሰዎቹ ሳያስቡበት ለሐሩ ጠበቅ፣ ለሻካራው ወረቀት ላላ አድርገው ያዙ። በሁሉም ላይ ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው በጥቂቱ ብቻ የበለጠ ኃይል ተጠቀሙ። ዕቃው ትንሽ ሲንሸራተት በ70 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ጣቶቹ ጠበቅ አሉ። ይህ ሰውዬው «ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ከማሰቡ በፊት የሚሆን ነው። ጣቶቹ ሲደነዝዙ ግን ይህ ሁሉ ቀረ።

ርካሹ የሮቦት እጅ የደነዘዘው እጅ ማለት ነው። ጉልበት አለው፤ ካሜራ ከተገጠመለት ያያል፤ የሚይዘውን ነገር ግን አይሰማውም። በትንሽ ገንዘብ ይህን ስሜት መስጠት ይቻላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይዤ ነው አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሄድኩት። መምህሩና ሁለት ተማሪዎቻቸው ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ በስሪ ዲ ፕሪንተር የታተሙ ሁለት ጣቶች ያሉት ግሪፐር፣ አንድ አርዱዊኖ ቦርድ፣ ተራ የኮምፒውተር ካሜራና የእንቁላል ትሪ ተቀምጧል።

«ቲቸር፣ ያዘችው!» አለች ተማሪዋ። እንቁላሉ በሁለቱ ጣቶች መካከል ተንጠልጥሏል፤ አልተሰነጠቀም።

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስታቸውን ግን አላሳዩም። «ጥሩ። አሁን ሞተሩን በትልቁ ቀይሪና ድገሚው» አሉ።

ለምን እንዳሉ ለመረዳት ጥቂት ቁጥር ያስፈልጋል። የ100 ግራም ዕቃ ክብደት አንድ ኒውተን ያህል ነው። የዶሮ እንቁላል በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ሲጨመቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ሦስት አራት ኪሎ ሲጫነው ማለት ነው። ተማሪዋ የተጠቀመችበት በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው ትንሹ ሰማያዊ ሰርቮ ሞተር ደግሞ በአራት ሴንቲሜትር ጣት ጫፍ ላይ ያለው ጉልበት አምስት ኒውተን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንቁላሉን ያልሰበረው ጠንቃቃ ስለሆነ አልነበረም፤ መስበር ስለማይችል ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚታዩ «እንቁላል የሚይዝ ሮቦት» ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ይህን ብቻ ያሳያሉ።

ትልቁ ሰርቮ፣ ኤምጂ996አር የሚባለው፣ በዚያው ጣት ጫፍ የትንሹን ብዙ እጥፍ ይገፋል። ከባድ ዕቃ ለማንሳት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ችግሩ ሰርቮ ኃይልን አያውቅም። የሚያውቀው አንግል ብቻ ነው፤ «እዚህ ድረስ ተዘጋ» ከተባለ፣ በመካከሉ ቲማቲምም ይሁን ድንጋይ፣ የተባለው ቦታ እስኪደርስ ያለውን ጉልበት ሁሉ ይጠቀማል። ይህን ሞተር ገራም ለማድረግ ከጣቱ የሚመጣ መረጃ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምርጫ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ቀጭኑ የግፊት ሴንሰር ነው። እንደ ሳንቲም ክብ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። በጣት ጫፍ ላይ በማጣበቂያ መለጠፍ ይበቃል። መምህሩ ግን ከመሳቢያቸው አውጥተው በጣታቸው እኩል እየተጫኑ የሚያሳየውን ቁጥር አሳዩኝ። ቁጥሩ ግፊቱ ሳይቀየር ቀስ እያለ ይጨምራል። ለቀቅ አድርገው እንደገና ሲጫኑት ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እንደ እንቁላል ክብ የሆነ ነገር ደግሞ የሴንሰሩን መሃል ሲነካና ዳሩን ሲነካ ንባቡ ይለያያል። «ነካ ወይስ አልነካም ለማለት ይሆናል፤ ስንት ኒውተን እንደሆነ ግን አትጠይቀው» አሉ። እኔም ይህንን ፍርዳቸውን እጋራለሁ። በዚህ ሴንሰር የሚጀምር ሰው ለሳምንታት ፕሮግራሙን ሲያስተካክል ይከርማል፤ ጥፋቱ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ አይደለም።

እነሱ የተጠቀሙበት ከተበላሸ የኩሽና ሚዛን የወጣ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ሎድ ሴል ይባላል። መሃሉ ላይ የተቦረቦረ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ዙሪያ በዓይን የማይታይ ጥቂት ሲጎብጥ ላዩ ላይ የተለጠፉት ስስ ሽቦዎች ይለጠጣሉ፣ ተቃውሟቸውም ይቀየራል። የዘንጉ ትልቁ ጥቅም ጫናው ጣቱ ጫፍ ላይ ቢያርፍ ወይም ከጫፉ ዝቅ ብሎ ቢያርፍ ንባቡ ብዙም የማይለወጥ መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ ሰሃኑ መሃል ባይቀመጥም ትክክለኛውን ክብደት የሚነግረን በዚሁ ምክንያት ነው። አንደኛው ጣት በዘንጉ ጫፍ ላይ ተገጥሟል፤ ሌላው ጣት ምንም ሴንሰር የለውም። አንድ ዕቃ በሁለት ጣት መካከል ረግቶ ሲያዝ ሁለቱም ጣቶች እኩል ስለሚገፉት አንዱን መለካት ይበቃል።

ልኬቱን ያስተካከሉበት መንገድ ደስ አለኝ። የተመሰከረለት የሚዛን ድንጋይ አልነበራቸውም። ጣቱን አግድም አጋድመው ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ አንጠለጠሉበትና ንባቡን ዜሮ አደረጉት። ከዚያ በመርፌ ሲሪንጅ አሥር አሥር ሚሊሊትር ውኃ እየጨመሩ ቁጥሩን መዘገቡ። አንድ ሚሊሊትር ውኃ አንድ ግራም ስለሆነ፣ 100 ሚሊሊትር ሲሞላ አንድ ኒውተን ለመድረስ በጣም ትንሽ ነው የሚቀረው። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ካረፉ ዘንጉ ደህና ነው። መስመሩ ከታጠፈ አንድ ብሎን ላልቷል ወይም ጣቱ የሆነ ቦታ ይነካል።

አሁን ሞተሩ ተቀይሮ ሙከራው ተደገመ። ፕሮግራሙ ግልጽ ነው፤ ጣቶቹ ይዘጉ፣ ሴንሰሩ አንድ ኒውተን ሲያነብ ይቁሙ። ጣቶቹ ተዘጉ፤ ጥርቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የእንቁላሉ አስኳል ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው የመጨረሻ ንባብ ዜሮ ነበር። ሴንሰሩ ንክኪውን ሳያይ እንቁላሉ ተሰብሯል።

የዚህ ምክንያት በርካሽ ግሪፐር ላይ ከሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ። የሎድ ሴሉን ደካማ ምልክት አጉልቶ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ትንሽ ቦርድ ኤችኤክስ711 ይባላል። ገበያ ላይ እንደሚገኘው ከሆነ በሰከንድ አሥር ጊዜ ብቻ ያነባል። በሁለት ንባቦች መካከል አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። ጣቱ በሰከንድ 40 ሚሊሜትር የሚዘጋ ከሆነ በዚያች ጊዜ አራት ሚሊሜትር ይጓዛል። ጣቱ ደረቅ ፕላስቲክ፣ እንቁላሉም ደረቅ ቅርፊት ነው፤ በመካከላቸው የሚሰረጎድ ነገር ስለሌለ እያንዳንዱ ሚሊሜትር አሥር ኒውተን ያህል ሊጨምር ይችላል። አራት ጊዜ አሥር አርባ ነው። ሴንሰሩ ትክክል ነበር፤ ግን ዘግይቷል።

ከግቡ ያለፈው ኃይል የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ የጣቱ ፍጥነት፣ የንባቡ መዘግየትና የንክኪው ድርቀት። ከሦስቱ አንዱን ማሳነስ ውጤቱን ያሳንሳል። መዘግየቱን መቀነስ ይቻላል። የቺፑ 15ኛ እግር ከመሬት መስመር ተነቅሎ ከኃይል መስመር ጋር ሲገናኝ ንባቡ በሰከንድ 80 ይሆናል፤ ቁጥሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል፤ ካሜራው ጣቶቹ ወደ ዕቃው መቃረባቸውን ሲያይ እርምጃው ይጠር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከሦስተኛው ነው። ተማሪው ከዕቃ ማሸጊያ ላይ የቆረጠውን ስፖንጅ በጣቶቹ ላይ ለጠፈና በላዩ ላይ ስስ የሲሊኮን ሽፋን አደረገበት። የዚህ ትራስ ድርቀት በሚሊሜትር ግማሽ ኒውተን ገደማ ነው። ያው አራት ሚሊሜትር ስህተት አሁን 40 ኒውተን ሳይሆን ሁለት ኒውተን ብቻ ይሆናል። አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ውድ ሴንሰር ከሚሰጠው በላይ ሰጠ።

ትራሱ ሌላም ነገር ያስተካክላል። ሰርቮው በጣም ትንሽ ትእዛዝን አይሰማም፤ ማርሾቹም ልቅነት አላቸው። ጣቱ በእርግጠኝነት ሊራመድ የሚችለው ትንሹ እርምጃ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በደረቅ ጣት ይህ የአምስት ኒውተን ዝላይ ነው፤ ለስላሳ ዕቃ በዚህ ዓይነት ዝላይ አይያዝም። በትራሱ ግን እርምጃው ሩብ ኒውተን ሆነ። ከዚያ በኋላ የመዝጊያው ፕሮግራም ይህን ያህል አጭር ነበር፦

```
while (f < goal && us < US_MAX) {
  us += 8;
  servo.writeMicroseconds(us);
  delay(30);
  f = scale.get_units(1);
}
```

ሰርቮው በስምንት ማይክሮሰከንድ ይራመዳል፤ ሠላሳ ሚሊሰከንድ ይረጋል፤ ኃይሉን ያነባል፤ ግቡ ላይ እስኪደርስ ይደግማል። `US_MAX` የተባለው ገደብ መዘንጋት የለበትም። ዕቃው ከጣቶቹ መካከል ከሌለ ወይም የሴንሰሩ ሽቦ ከተነቀለ ኃይሉ መቼም አያድግም፤ ገደብ ከሌለ ሞተሩ ራሱን እስኪያቃጥል ይገፋል።

እንቁላሉ ተያዘ፤ በትልቁ ሞተር፣ ሳይሰነጠቅ። መምህሩ ትሪውን ወደ ጎን አደረጉና ከቦርሳቸው የበሰለ ቲማቲም አወጡ። «አሁን ነው ፈተናው የሚጀምረው» አሉ።

እንቁላል ደካማ መስሎ የሚታይ ጠንካራ ነገር ነው። ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ ኒውተን እንኳ አይሆንም፤ ለመስበር ግን ከ30 በላይ ይጠይቃል። በመካከሉ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። የበሰለ ቲማቲም እንዲህ አይደለም። ከዚያም በላይ ሲጎዳ ድምፅ የለውም፤ የተጎዳው ቦታ የሚታወቀው በማግስቱ ልሞ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እንዳይፈርጥ ምን ያህል ልጫን?» አይደለም። «እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ትንሹ ኃይል ስንት ነው?» የሚለው ነው። የኡሜኦ ሰዎች ጣታቸው ሳያውቁት የሚመልሰው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ትንሹን ኃይል አስቀድሞ ለማስላት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠይቃል፤ ክብደቱንና ልዝበቱን። የእኛ ቲማቲም 90 ግራም ነው፤ ክብደቱ 0.9 ኒውተን ገደማ። እያንዳንዱ ጣት ግማሹን፣ 0.45ን ይሸከማል። በሲሊኮንና በቲማቲም ቆዳ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.5 ነው ብንል፣ ጣቱ ከሚጫነው ግማሹን ብቻ መሸከም ስለሚችል 0.9 ኒውተን መጫን አለበት። ቲማቲሙ ታጥቦ እርጥብ ከሆነ ግን ሰበቃው ይቀንስና ስሌቱ ይፈርሳል። ግሪፐሩ ደግሞ ክብደቱንም እርጥበቱንም አያውቅም። መሞከር አለበት። ካሜራው ዋና ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራውን መጀመሪያ የገጠሙት መዳፉ ላይ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ቁልቁል እንዲያይ። ዕቃውን ለመፈለግ ጥሩ ቦታ ነው፤ ሲንሸራተት ለማየት ግን የማይሆን ነው። ዕቃው ሲንሸራተት ወደ ታች ይሄዳል፤ ለዚህ ካሜራ ይህ መራቅ ነው። ሁለት ሚሊሜትር የራቀ ቲማቲም በምስሉ ላይ የሚያንሰው ከሦስት ፒክስል በታች ነው፤ ከመንቀጥቀጥ አይለይም። ካሜራውን ከእጁ ጎን በወጣ ክንድ ላይ፣ ከጣቶቹ ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ርቆ በጎን እንዲያይ አድርገው ሲያዞሩት ያው ሁለት ሚሊሜትር ስምንት ፒክስል ወደ ታች የሚሄድ ግልጽ እንቅስቃሴ ሆነ። ካሜራው ከእጁ ጋር አብሮ ስለሚነሳ በምስሉ ላይ ጣቶቹ ሁልጊዜ ቆመው ይታያሉ። በደንብ የተያዘ ዕቃም ቆሞ ይታያል። የሚንቀሳቀስ ካለ እያመለጠ ነው።

እንቅስቃሴውን የሚለካው ዘዴ ብሩስ ሉካስና ታኬዎ ካናዴ በ1981 ያቀረቡት ነው። በምስሉ ላይ ጎልተው የሚታዩ ነጥቦች ሲሰጡት በሚቀጥለው ፍሬም የት እንደሄዱ ይፈልጋል። በነፃ በሚገኘው ኦፕን ሲቪ ውስጥ `cv2.calcOpticalFlowPyrLK` ተብሎ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ተራ ላፕቶፕ ያለ ችግር ያስኬደዋል። ተማሪዎቹ ነጥቦችን በቲማቲሙም በጣቶቹም ላይ ይመርጣሉ፤ የቲማቲሙ ነጥቦች እንቅስቃሴ ላይ የጣቶቹን ይቀንሳሉ። ካሜራው የተሰቀለበት ክንድ ሲወዛወዝ ሁለቱም እኩል ስለሚንቀሳቀሱ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል፤ የሚቀረው እውነተኛው መንሸራተት ነው። ልዩነቱ በተከታታይ ፍሬሞች አድጎ አራት ፒክስል፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር፣ ካለፈ «እያመለጠ ነው» ተብሎ ይመዘገባል።

ካሜራው ግን ከሴንሰሩም የባሰ ዘገምተኛ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ቢሰጥም ምስሉ ተነስቶ፣ በገመድ አልፎ፣ ተሰልቶ ውሳኔ እስኪሆን አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ፈጽሞ የተለቀቀ ዕቃ በዚህ ጊዜ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይወድቃል። ስለዚህ ካሜራ የሚወድቅን ዕቃ አያድንም። የሚጠቅመው ዕቃው ገና ከጠረጴዛው ሳይርቅ ነው። እጁ በጣም ቀስ ብሎ አምስት ሚሊሜትር ብቻ ይነሳል፤ ይቆማል፤ ካሜራው ይፈርዳል። ቢያመልጥ እንኳ የሚወድቀው የጣት ውፍረት ግማሽ ከማይሞላ ከፍታ ነው።

የዚያን ዕለት እንዲህ ሆነ። ጣቶቹ ቲማቲሙን ሲነኩ ሴንሰሩ 0.2 አነበበ። እስከ 0.6 ጠበቀና እጁ ተነሳ፤ በምስሉ ላይ ቲማቲሙ ወደ ታች ቀረ። እጁ ወረደ፣ አንድ እርምጃ ተጨመረ፤ 0.85። ሲነሳ ቲማቲሙ አብሮ ወጣ፤ ግን ነጥቦቹ በዝግታ ይወርዳሉ። ደግሞ ወረደ፤ 1.1። አሁን ነጥቦቹ ቆሙ። ፕሮግራሙ ለመጠባበቂያ አንድ እርምጃ ጨምሮ 1.35 ላይ አሳረፈውና እጁ ወደ ላይ ወጣ። በስሌት ያገኘነው 0.9 ነበር። ግሪፐሩ ክብደቱን ሳይመዝን፣ ልዝበቱን ሳያውቅ ወደዚያው ተጠጋ።

ሁላችንም ተደስተን ሳለ ተማሪዋ «ቲቸር፣ አሁንም እየዘጋች ነው» አለች። እውነት ነበር። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሰርቮው ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ጣቶቹ በጥቂቱ ይጠጋሉ፤ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይጠጋሉ። በኮምፒውተሩ ላይ ኃይሉ 1.35 ላይ ያለ ይመስላል። ቲማቲሙ ግን በጎንና በጎኑ እየሰመጠ ነው።

ቲማቲም ሞላ አይደለም። ተጭነው ሲይዙት ውስጡ ያለው ፈሳሽና ሥጋ ቀስ ብሎ ቦታ ይለቃል፤ ጣቱ ሳይንቀሳቀስ የሚመልሰው ግፊት ይቀንሳል። ስፖንጁም ያንኑ ያደርጋል። ከያዘ በኋላም ኃይሉን ግቡ ላይ ለማቆየት የሚጥረው ፕሮግራም መቀነሱን አይቶ «ላላ» ብሎ ያስባል፤ ይጨምራል። ቲማቲሙ ደግሞ ይለቃል። ፕሮግራሙ የተሰጠውን ቁጥር በታማኝነት እየጠበቀ ዕቃውን ቀስ በቀስ ይጨፈልቀዋል። በዚህ ሥራ ካየኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ይህ በጣም የሚያታልለው ነው፤ ምክንያቱም የኃይሉን መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው ምንም ጉድለት አያገኝም። የሚያጋልጠው ሌላ ቁጥር ነው፤ የሰርቮው አንግል። ኃይሉ ቆሞ አንግሉ ወደ መዝጋት የሚሄድ ከሆነ ዕቃው እየሰመጠ ነው።

መፍትሔው የሁለቱን ሴንሰሮች ሥራ መለየት ሆነ። የኃይል ሴንሰሩ መጀመሪያ ሲይዝ ብቻ ይታዘዛል፤ ዕቃው አንዴ ከተያዘ በኋላ ጣቶቹ ያሉበት አንግል ይቆለፋል። ከዚያ ኃይሉ ቢቀንስም ማንም አይነካቸውም። እንዲጨምሩ የሚያዝዘው ካሜራው ብቻ ነው፤ ያውም ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ ብቻ። የኃይል ሴንሰሩ «ምን ያህል ተጫንኩ?» የሚለውን ይመልሳል፤ «ሊያመልጥ ነው?» የሚለውን ግን አይመልስም። የቀነሰ ኃይል ሁሉ መንሸራተት አይደለም። ተማሪዋ አምስት መስመር ለውጣ ሁለተኛ ቲማቲም ሰጠችው። ኃይሉ ከ1.35 ወደ 1.1 ወርዶ እዚያው ረጋ፤ ነጥቦቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ቲማቲሙም አልሰመጠም።

ሌሎቹ እንቅፋቶች ያን ያህል ጥልቅ ባይሆኑም ቀን ያስፈጃሉ። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። ትልቁ ሰርቮ ሲጫን ከሁለት አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ከአርዱዊኖው ጋር አንድ ኃይል የሚጋራ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ሎድ ሴሉ ያልነበረ ኃይል ያነባል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ጣቶቹ ባዶ አየር እየዘጉ ሳለ ቁጥሩ ሞተሩ በሄደ ቁጥር ከዘለለ ጥፋቱ የኃይል አቅርቦቱ ነው። ለሞተሩ የራሱን ኃይል ሰጥቶ የመሬት መስመሩን ብቻ ማገናኘት ይፈውሰዋል። ሁለተኛው የጣቱ የራሱ ክብደት ነው። 20 ግራም የሚመዝን ጣት እጁ ሲጋደም በሎድ ሴሉ ላይ ተኝቶ 0.2 ኒውተን ያሳያል፤ ይህም ንክኪ ብለን ከያዝነው ቁጥር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዜሮ የሚደረገው ጠዋት አንዴ ሳይሆን ከእያንዳንዱ መያዝ በፊት፣ እጁ በሚይዝበት አቅጣጫ ላይ ሆኖ ነው።

ሦስተኛው ብርሃን ነው፤ ይህ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። በቲማቲም ቆዳ ላይ የሚያብረቀርቀው ነጭ ነጥብ ለካሜራው ጎልቶ ስለሚታይ ፕሮግራሙ ይመርጠዋል። ነገር ግን ነጥቡ የመብራቱ እንጂ የቲማቲሙ አይደለም፤ ቲማቲሙ ሲንሸራተት እሱ እዚያው ይቀራል። መብራቱን በነጭ ወረቀት መሸፈን በጣም ይረዳል። ነጭ እንቁላል ደግሞ ጭራሽ የሚመረጥ ነጥብ የለውም፤ የእሱን ዳር መከተል ይቻላል፤ በቦታው ሲሽከረከር ግን አይታወቅም። ግልጽ የሻይ ብርጭቆ ለካሜራው ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው። የቡና ስኒ ሌላ ጠባይ አለው፤ ቢጫኑት አይሰበርም፤ የሚሰበረው ሲወድቅ ነው። ለእሱ ትንሹን ኃይል መፈለግ ሥራ ማብዛት ነው፤ አምስት ኒውተን ሰጥቶ መያዝ ይሻላል።

በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኤድዋርድ አደልሰን ቡድን ካሜራውን ጣቱ ውስጥ ከተተው። በጣቱ ላይ ያለው ለስላሳ ጄል ዕቃ ሲነካው ይሰረጎዳል፤ ካሜራው ከውስጥ ሆኖ ስርጉዱን ያያል። ጄልሳይት ይባላል፤ የመጀመሪያው ጥናት በ2009 ወጣ። የዕቃው ግልጽነትና ነጸብራቅ አያስቸግረውም፤ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ጄሉን ነውና። በ2010 ደግሞ የኮርኔልና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሥራ አጋሮቻቸው ጋር ምንም ሴንሰር የሌለው ግሪፐር አሳዩ፤ የተፈጨ ቡና የሞላበት ፊኛ። ፊኛው ዕቃው ላይ ሲጫን ቅርጹን ይይዛል፤ አየሩ ሲመጠጥ ቡናው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጥሬ እንቁላል አንስቷል። ነገር ግን መጀመሪያ ዕቃው ላይ መጫን ስላለበት ለበሰለ ቲማቲም አልመርጠውም።

ይህን ለመሥራት ያሰባችሁ ተማሪዎችና በቤታችሁ የምትሞክሩ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን በሴንሰር ከማዋላችሁ በፊት ጣቶቹን ስፖንጅ አልብሱ፤ ከኃይሉ ጋር የሰርቮውን አንግልም መዝግቡ፤ በእንቁላልም አትመኑ። በቲማቲም ጀምሩና የያዛችሁትን ሁሉ ቁጥር ጽፋችሁበት ካልተነካ ቲማቲም ጋር እስከ ማግስቱ አቆዩት። ግሪፐራችሁ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ የምታውቁት በሁለተኛው ቀን ቆዳውን በጣታችሁ ስትዳስሱት ነው።